"ልኬያለሁ" እና "ገብቷል" አንድ አይደሉም፦ ቴሌግራም ላይ ለምትሸጡ፣ ከፖስት እስከ ርክክብ በአንድ ጥንድ ጫማ

ድሬ ላይ ዛሬ ሱቅ ያለውም ቻናል አለው ሱቅ የሌለውም ቻናል አለው። ከታይዋን ወይ ከአሸዋ ገበያ እቃ አንስቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለሳቢያን፣ ለሐረር፣ ለጅግጅጋ የሚሸጥ ልጅ ስንት አለ። ቻናል እንዴት እንደሚከፈት የሚያሳይ ቪዲዮ ሞልቷል ስለዚህ እሱን ልዝለለው፣ እኔ ማውራት የምፈልገው ሰው ብሩን ስለሚበላበት ቦታ ነው፣ እሱም ደንበኛዋ "ልኬያለሁ" ካለችበት ሰዓት ጀምሮ ብሩ እናንተ ሂሳብ ላይ ገብቶ በአይናችሁ እስከምታዩት ድረስ ያለው ጊዜ ነው። አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ኔትወርክ ከተበላሸ ግማሽ ቀን ይሆናል። እቃው በዛች መሃል ከእጃችሁ ከወጣ መልሶ ማግኘት ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ከሰውየው ጋር ያላችሁ ግንኙነት አንድ ዩዘርኔም ብቻ ነው እሱንም በአንድ ደቂቃ ያጠፋዋል።

ደሞ ክፍያ ማረጋገጥ የሚጀምረው ክፍያው ሲመጣ አይደለም፣ ፖስቱን ስትጽፉት ነው። ለምን እንደሆነ በአንድ እቃ ይዤው ልሂድ። የልጅ ስኒከር እንበል፣ ሰማያዊ፣ 30 ቁጥር፣ ዋጋው 1,450 ብር፣ የቀረው አንድ ጥንድ ብቻ። ፖስቱን እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

ኮድ ጫ47
የልጅ ስኒከር፣ ሰማያዊ
30 ቁጥር፣ ውስጡ ሲለካ 19 ሳንቲም
1,450 ብር
ያለን 1 ጥንድ ነው
ይሄ ዋጋ እስከ አርብ ድረስ ነው
ለማዘዝ ኮዱን ጻፉልን። የምትከፍሉበት ሂሳብ ፒን የተደረገው ፖስት ላይ ብቻ ነው ያለው

አጭር ነው ግን እያንዳንዱ መስመር ሥራ አለው። ኮዱ የሌለ እንደሆነ ደንበኛ የምትጽፈው "ያቺ ሰማያዊዋ አለች?" ብላ ነው፣ እናንተ ደሞ ባለፈው ሳምንት ሦስት ሰማያዊ ለጥፋችኋል፣ እሷ አንዱን አስባ ትከፍላለች እናንተ ሌላውን ትልካላችሁ፣ ከዛ ጭቅጭቅ ነው። ኮድ ካለ ግን ትዕዛዙም ክፍያውም ርክክቡም በአንድ ስም ይጠራል፣ ቻናሉ ላይ ሰርች ውስጥ ጫ47 ብላችሁ ብትጽፉ ፖስቱ ወዲያው ይወጣል። አንድ ኮድ ደሞ ለሁለት እቃ አይሰጥም፣ እቃው ካለቀ በኋላም ቢሆን፣ ምክንያቱም የድሮውን ፖስት ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሌም አለ።

ሳንቲሙን ለምን ጻፍክ ካላችሁኝ፣ ጫማ ላይ የሚመለሰው እቃ አብዛኛው በቁጥር ነው። የአንዱ ፋብሪካ 30 የሌላው 29 ነው፣ አንዳንዱ ጭራሽ 31 ይሆናል። እናትየዋ ልጁን ወረቀት ላይ ታቁመው፣ ተረከዙን ግድግዳ ታስነካው፣ የረዘመው ጣት ጫፍ ላይ በእስክሪፕቶ ምልክት ታድርግና ትለካ። 18 ሳንቲም ከመጣ ውስጡ 19 የሆነ ጫማ ይሆነዋል፣ ለሚያድግ ልጅ አንድ ሳንቲም ገደማ ትርፍ ያስፈልጋል። ማታ ብትለካ ይሻላል፣ ሲሮጥ የዋለ እግር ትንሽ ያብጣል በተለይ በኛ ሙቀት። እናንተም ጫማ ስር የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ፣ ሶሉን አውጥታችሁ በሜትር ለኩት፣ ሶሉ የማይወጣ ከሆነ ሜትሩን ውስጥ አስገብታችሁ። ይሄ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ሐረር ሄዶ የሚመለስ እቃ ግን የሁለት ጊዜ የመኪና ብር ነው።

ዋጋ ላይ "በኢንቦክስ" የሚባለውን ነገር ተዉት በእውነት። ደንበኛው የሚያስበው ሰው አይቶ ዋጋ ሊነግረኝ ነው ብሎ ነው፣ ልክ ነውም። ዋጋው ፖስቱ ላይ ከሌለ ደሞ በኋላ "1,200 ብለኸኝ ነበር" ሲባል የምታሳዩት ነገር የላችሁም።

"እስከ አርብ" የሚለውን የጻፍኩት ስለ ፎርዋርድ ነው፣ ይሄን ብዙ ሻጭ አያውቀውም። ቻናላችሁ ላይ ያለውን ፖስት ኤዲት ስታደርጉ እዛው ቻናሉ ላይ ይቀየራል፣ ሰው ፎርዋርድ አድርጎ የወሰደው ኮፒ ግን እንደነበረ ነው የሚቀረው። ዛሬ 1,450 ብላችሁ የለጠፋችሁት የሰፈር ሴቶች ግሩፕ ውስጥ ገብቶ ከሁለት ወር በኋላ አንዷ ታገኘዋለች፣ እቃው አልቋል ወይ ዋጋው ጨምሯል፣ እሷ ግን ፒን ላይ ያለውን ሂሳብ አይታ ሳትጠይቅ ብር ትልካለች። ይሄ በጣም የሚያጋጥም ነው። ቀኑ ከተጻፈ አንደኛ እሷ ራሷ ታያለች፣ ሁለተኛ እናንተ የምትመልሱት መልስ አላችሁ። እቃው ሲሸጥ ደሞ ፖስቱን አታጥፉት፣ ኤዲት አድርጋችሁ መጀመሪያው መስመር ላይ "ተሸጧል" በሉ። ከጠፋ አዲስ የሚመጣ ሰው ቻናሉን ወደ ላይ ሲያገላብጥ ባዶ ነው የሚያየው፣ የተሸጡት ከነዋጋቸው ካሉ ግን ይሄ ሰው እውነት ይሸጣል ይላል። ቴሌግራም ኤዲት የተደረገ ፖስት ላይ ኤዲት መደረጉን ስለሚያሳይ፣ ዋጋ ከቀየራችሁ የድሮውን ሳታጠፉ አዲሱን ከስሩ ጻፉት፣ "ከሰኞ ጀምሮ 1,600" ምናምን ብላችሁ።

ፎቶ ላይ ብዙ አልልም። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ ብቻውን አይበቃም፣ ቢያንስ አንዱ እናንተ በስልካችሁ ቀን ብርሃን ላይ ያነሳችሁት ይሁን፣ ወረቀት ላይ የቻናላችሁ ስምና ኮዱ ተጽፎ ጫማው ጎን ተቀምጦ። ያ ወረቀት ሌላ ቻናል ፎቶአችሁን ወስዶ እንዳይሸጥበትም ይረዳል፣ ድሬ ውስጥ አንድ ፎቶ አምስት ቻናል ላይ ታገኛላችሁ።

እምነት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የሜምበር ብዛት ነው፣ ስለዚህ ሜምበር ይገዛል። እኔ አልመክርም፣ የሚያይ ሰው ያውቃል። ከፖስቱ ስር የአይን ምልክት ጎን ስንት ሰው እንዳየው ይጽፋል፣ 20,000 ሜምበር ያለው ቻናል ፖስቱን 150 ሰው ካየው ሜምበሩ የተገዛ ነው ወይ የሞተ ነው። 800 ሜምበር ኖሮት 400 ሰው የሚያየው ቻናል ይበልጣል። ደንበኛን በትክክል የሚያሳምናት ኮሜንት ክፍት መሆኑ ነው፣ ያኮረፈ ሰው መጥቶ ሊናገርበት የሚችልበት ቦታ አለ ማለት ነው። ኮሜንት የተዘጋበት ቻናል ላይ እኔ ራሴ ቀድሜ አልከፍልም።

ግን ኮሜንት ሲከፈት አንድ ነገር ይመጣል። የእናንተን ሎጎ ፕሮፋይል ያደረገ፣ ስሙን የእናንተን ስም ያደረገ ሰው ኮሜንት ላይ ይጠብቃል፣ ደንበኛዋ "ጫ47 አለ?" ስትል እናንተ ሳታዩት እሱ "አለ እህቴ ኢንቦክስ ነይ" ይላታል፣ ትሄዳለች፣ የራሱን ቴሌብር ይሰጣታል። ብሩ እናንተ ጋ አልደረሰ፣ እሷ ግን የምታውቀው የእናንተን ቻናል ነው፣ ሌባ ተብላችሁ የምትሰደቡት እናንተ። ዩዘርኔሙም ቢሆን ተመሳስሎ ነው የሚሠራው፣ መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ይጨመራል፣ ወይ ትንሿ የእንግሊዝኛ ኤል በትልቁ አይ ትቀየራለች፣ ስክሪን ላይ ሁለቱም ቀጥ ያለ መስመር ስለሆኑ በአይን አይለዩም። ለዚህ ያለው መከላከያ ሂሳቡን አንድ ቦታ ብቻ ማስቀመጥ ነው። ፒን የተደረገው ፖስት ላይ የቴሌብርና የባንክ ቁጥራችሁን ከነሙሉ ስማችሁ ጻፉ፣ ከስሩ "በኢንቦክስ ሌላ ቁጥር አንሰጥም፣ እኛ ቀድመን ኢንቦክስ አንገባም" ብላችሁ ጨምሩ፣ ከዛ ራሳችሁም አክብሩት። አንድ ቀን ቸኩላችሁ ለአንዷ በኢንቦክስ የወንድማችሁን ሂሳብ ከሰጣችሁ፣ ደንበኞቻችሁ ሌላ ቁጥር መቀበልን ለመዱ ማለት ነው። ቴሌብርም ንግድ ባንክም ብር ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያሉ፣ ስለዚህ "ስሙ እንዲህ ካላለ እንዳትልኪ" ማለት ትችላላችሁ፣ ይሄ ቀላል ነው ግን የኔ ነው የምትሉት ስም የሂሳቡ ስም ካልሆነ አይሠራም።

አሁን ትዕዛዙ ይምጣ። ከሐረር ሸዋ በር አካባቢ ያለች እናት ጽፋለች እንበል፣ "ጫ47 ለልጄ ፈልጌ ነበር"። በአስር ደቂቃ ውስጥ ሌላዋ ከገንደ ቆሬ "ጫ47 ያዝልኝ" አለች። ጥንዱ አንድ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ለሁለቱም "እሺ" ይልና ቀድሞ የከፈለ ይወስዳል ብሎ ያስባል፣ ግን አልነገራቸውም፣ ሁለቱም ከከፈሉ አንዷን ያስቀይማል። የኔ አካሄድ ቀድማ የጻፈችው ሁለት ሰዓት አላት ነው፣ የቴሌግራሙ ሰዓት ራሱ ይመሰክራል። ለመጀመሪያዋ "እስከ 9 ሰዓት ተይዞልሻል፣ ካልከፈልሽ ለሌላ ሰው ይሰጣል" እላለሁ፣ ለሁለተኛዋ "ተይዟል፣ 9 ሰዓት ላይ ካልተከፈለ እነግርሻለሁ፣ እስከዛ ብር እንዳትልኪ"። ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብር መመለስ ከሚባል ጣጣ ታድናለች።

ከመክፈሏ በፊት ደሞ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፣ በማን ስም ነው የሚላከው፣ ከየትኛው ነው፣ ከቴሌብር ነው ከባንክ። ይሄን ቀድሞ መጠየቅ ለምን እንደሚጠቅም ትንሽ ቆይቶ ይመጣል። ሴትየዋ "ባለቤቴ ነው የሚልከው፣ በቴሌብር" አለችና ስሙን ጻፈች።

8 ሰዓት ከ40 ላይ ስክሪንሾት መጣ። 1,450 ብር፣ የናንተ ስም፣ አረንጓዴ ምልክት፣ ሁሉም ነገር ያምራል። እዚህ ጋ ቁሙ። ስክሪንሾት ፎቶ ነው፣ ክፍያ አይደለም። የድሮ ደረሰኝ ላይ ብሩንና ቀኑን መቀየር ስልክ ላይ ፎቶ ማስተካከል ለሚችል ልጅ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ደረሰኝ አስመስሎ የሚያወጣ አፕም አለ። ስለዚህ ፎቶውን አጉልታችሁ ፊደሉን በመመርመር ጊዜ አታጥፉ፣ ጥሩ ፎርጅድ በአይን አይያዝም። የምታዩት የራሳችሁን ሂሳብ ነው።

የራሳችሁን ሂሳብ ስትሉ ደሞ ሜሴጁን ብቻ ማለት አይደለም። የቴሌብር ሜሴጅ ከ127 ነው የሚመጣው፣ የንግድ ባንኩ CBE በሚል ስም ነው። ከ09 ወይ ከ07 በሚጀምር ተራ ቁጥር የመጣ "ሂሳብዎ ላይ ብር ገብቷል" የሚል ሜሴጅ፣ ጽሁፉ አንድ ፊደል ሳይቀር የባንኩን ቢመስልም፣ ሰው የጻፈው ነው። በተለይ ሰው ሲበዛባችሁ፣ የበዓል ሰሞን፣ ስልካችሁ ሲጮህ ከላይ የሚወርደውን ብቻ አይታችሁ "ገባ" ትላላችሁ፣ ከማን እንደመጣ አታዩም። ስለዚህ አፑን ክፈቱና ዝርዝሩ ውስጥ 1,450ው መግባቱን እዩ። ዳታ ከሌለ በ*127# ገብታችሁ ቀሪ ሂሳባችሁን ማየት ይቻላል፣ ለንግድ ባንክ *889# ነው። ለዚህ ደሞ ጠዋት ስትጀምሩ ሂሳባችሁ ስንት እንደነበረ ብታውቁ ጥሩ ነው፣ አለበለዚያ 23,870 ብር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

ብሩ ገብቷል እንበል። አሁንም አላለቀም፣ አራት ነገር ይገጥማል ወይ ብላችሁ እዩ፣ መጠኑ፣ የላኪው ስም፣ ሰዓቱ፣ የትራንዛክሽን ቁጥሩ። ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደረሰኙ የሚጽፈው በ24 ሰዓት ነው ቀኑም በፈረንጅ ነው፣ 14:35 ካለ በኛ 8 ሰዓት ከ35 ነው፣ ከ12 እስከ 18 ያለውን ስድስት ስትቀንሱለት ይመጣል። እቺ ሴት ስክሪንሾቱን የላከችው 8 ከ40 ላይ ነው፣ ደረሰኙ 14:35 ይላል፣ ገጠመ። 08:35 ቢል ኖሮ ጠዋት 2 ሰዓት ከ35 ነው፣ ማለትም ጫማውን ሳትጠይቅ በፊት የተከፈለ፣ የሌላ ሰው ክፍያ ነው ማለት ነው። 8 የሚለውን ብቻ አይቶ ያለፈ ሻጭ አያያትም።

የትራንዛክሽን ቁጥሩን በፎቶ ብቻ አትቀበሉ፣ ኮፒ አድርጋችሁ በጽሁፍ ላኩልን በሉ። ይሄን ልማድ አድርጉት እባካችሁ። ምክንያቱ ቴሌግራም ሰርች ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሁፍ አያገኝም፣ የተጻፈን ግን ያገኛል። ቁጥሩን ሰርች ላይ ፔስት ስታደርጉ ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ልኮት ከነበረ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። አንድ እውነተኛ ደረሰኝ ሁለቴ መጠቀም ከፎርጅድ በላይ የሚያታልል ነገር ነው፣ ብሩ በእርግጥ ገብቷል፣ ስሙም ቁጥሩም እውነት ነው፣ ችግሩ ማክሰኞ እህቷ የወሰደችው እቃ ክፍያ መሆኑ ነው። በተለይ ቻናሉን ሁለት ሰው የሚያስተዳድረው ከሆነ፣ አንዱ ማክሰኞ አረጋግጦ ሌላው ሐሙስ መልሶ ያረጋግጠዋል። ሁለት አድሚን ካላችሁ የተረጋገጠ ክፍያ ሁሉ አንድ የጋራ ግሩፕ ውስጥ ይጻፍ፣ በአንድ መስመር፦ ጫ47፣ 1,450፣ የላኪ ስም፣ ቁጥሩ፣ ማን እንዳረጋገጠ።

አንዳንዴ ደሞ ደንበኛዋ እውነቷን ነው፣ ከሷ ተቆርጧል እናንተ ጋ አልገባም። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ሲላክ ይሄ ያጋጥማል። እዚህ ጋ "አታጭበርብሪ" ማለት ደንበኛ ማጣት ነው። ለቴሌብር የሆነ እንደሆነ ደረሰኙን ራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፣ ብራውዘር ላይ እንዲህ ብላችሁ መጨረሻው ላይ የትራንዛክሽን ቁጥሩን ትቀጥሉበታላችሁ፦

```
https://transactioninfo.ethiotelecom.et/receipt/
```

አድራሻውን እናንተ ጻፉት፣ ደንበኛ የላከላችሁን ሊንክ አትንኩ፣ ተመሳሳይ ገጽ ሠርቶ መላክም አለ። ገጹ ሲከፈት ደሞ ደረሰኙ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ተቀባይ የሚለው ላይ የእናንተ ስም መሆኑን እዩ፣ ለሌላ ሰው የተከፈለ እውነተኛ ደረሰኝም እዛ ላይ ይወጣል። ስሙ የእናንተ ሆኖ ብሩ ካልታየ ለደንበኛዋ እውነቱን ንገሯት፣ "ደረሰኙን አይቼዋለሁ፣ ጫማው ያንቺ ነው፣ ለማንም አልሰጥም፣ ብሩ ሂሳቤ ላይ እንደታየ እልካለሁ" በሉ። እቃውን መያዝና እቃውን መላክ ይለያያሉ፣ መያዝ ምንም አያስከፍላችሁም።

አሁን የላኪውን ስም ለምን ቀድሜ እንደምጠይቅ። አንድ አጭበርባሪ በሌላ ቻናል ወይ በፌስቡክ የሌለ ስልክ በርካሽ እሸጣለሁ ብሎ ይለጥፋል። አንድ ምስኪን ሰው ከጅማ ወይ ከአዲስ አበባ ሊገዛ ይመጣል። አጭበርባሪው በዛው ሰዓት ከእናንተ 5,000 ብር የሚያወጣ እቃ አዝዟል፣ ለምስኪኑ የራሱን ሳይሆን የእናንተን የሂሳብ ቁጥር ይሰጠዋል። ብሩ እናንተ ጋ ይገባል፣ እውነተኛ ብር፣ እውነተኛ ሜሴጅ ከ127። እቃውን ለአጭበርባሪው ትሰጣላችሁ። በሁለተኛው ቀን ያ ሰው ስልኩን ሲያጣ ባንክና ፖሊስ ጋ ይሄዳል፣ የሚያሳየውም የእናንተን ስም ነው፣ ሂሳባችሁ ሊታገድ ይችላል። ምንም የሠራችሁት ጥፋት የለም ግን የምታስረዱት እናንተ ናችሁ።

እኛ አገር ሰው በሌላ ሰው ሂሳብ መክፈሉ የተለመደ ነው፣ ባል ይከፍላል፣ ወንድም ከውጭ ይልካል፣ ጎረቤት በስልኳ ትልካለች፣ ስለዚህ ስም ካልገጠመ አልቀበልም ማለት አይቻልም። ግን ስሙን ከመክፈል በፊት የነገረቻችሁ ሰውና ብሩ ከገባ በኋላ "እእ ያ የአጎቴ ልጅ ነው" የሚል ሰው ይለያያሉ። ከፋዩ ምክንያት የሚል ቦታ ካገኘ የእቃውን ኮድ እንዲጽፍበት አድርጉ፣ "ጫ47 የልጅ ጫማ" ብሎ የጻፈ ሰው በኋላ ስልክ ነበር የገዛሁት ማለት ይከብደዋል። ዋጋው ከፍ ያለ እቃ ከሆነ፣ ስሙም ካልገጠመ፣ ከፋዩ ራሱ አንድ ደቂቃ ደውሎ ምን እየገዛ እንደሆነ ይናገር። ትክክለኛ ደንበኛ ይሄን ስትጠይቁ አይቆጣም፣ የሚቻኮለውና "ባጃጁ በር ላይ ቆሟል ፍጠን" የሚለው ነው የሚያሳስበው።

የኛዋ ሴት ጋ ስሙ ባለቤቷ ነው ቀድማ ነግራናለች፣ መጠኑ 1,450፣ ሰዓቱ 14:35፣ ቁጥሩ ሰርች ላይ የለም፣ አፑ ላይ ገብቷል። አሁን ነው "ገብቷል፣ አመሰግናለሁ" የሚጻፈው። ወዲያው ፖስቱ ላይ "ተሸጧል" ይባላል፣ ለገንደ ቆሬዋም ይነገራታል።

ድሬ ውስጥ ቢሆን ኖሮ በባጃጅ ሄዶ አይታ ብትከፍል ለሁለታችሁም ይሻል ነበር፣ ከተማ ውስጥ ቀድሞ ክፈሉ ማለት አያስፈልግም፣ የባጃጁን ሒሳብ ብቻ ቀድሞ መቀበል ይበቃል። ሐረር ግን 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሚኒባስ ነው የሚሄደው፣ ሹፌሩ ደሞ ብር ሰብሳቢ አይደለም። እቃውን ከመዝጋታችሁ በፊት ኮዱ፣ ቁጥሩና ሁለቱም እግር በሚታይበት ሁኔታ አጭር ቪዲዮ አንሱ፣ ከዛ አሽጋችሁ ላዩ ላይ የተቀባይ ስምና ስልክ ጻፉ፣ የመኪናውን ታርጋና የሹፌሩን ስልክ ለሷ ብቻ በኢንቦክስ ላኩላት። ቻናል ላይ አትለጥፉት፣ የሷንም ስልክ እንደዛው። "ደርሶኛል" ስትላችሁ ያንን ለማስረጃ መለጠፍ ከፈለጋችሁ ጠይቋት፣ ስሟንና ፎቶዋን ሸፍናችሁ።

ብር መመለስ ሲመጣ አንድ ነገር ያዙ። ጫማው ጠበበ እንበል፣ መልሳው ብሩን ፈለገች፣ ወይ 4,150 ልኬያለሁ 2,700ውን መልስልኝ የሚል ሰው መጣ። መጀመሪያ ብሩ በእርግጥ መግባቱን አፑ ላይ እዩ፣ ትርፍ ልከናል ከሚሉት ብዙዎቹ ምንም አልላኩም፣ እናንተ ከኪሳችሁ እንድትልኩላቸው ነው። ከገባ ደሞ የምትመልሱት ወደ መጣበት ሂሳብ ብቻ ነው፣ ባልየው ከላከ ለባልየው። "በዚህኛው ቁጥር ላክልኝ ያኛው ተበላሽቷል" ካለች ባለቤቷ ራሱ ከላከበት ስልክ ይደውል፣ እስከዛ ብሩ እናንተ ጋ ይቆያል።